ከአርጆ የመጣ የጭረት ወረቀት

በገጠር ቤት ለቤት ዳሰሳ የሠራ ሰው ይህን ወረቀት ያውቀዋል። በግራ በኩል መልሶቹ ተደርድረዋል፣ ከጎናቸው ባዶ ሳጥን አለ፣ አንድ ቤት በተጠየቀ ቁጥር አንድ ጭረት ይሰመራል። አራት ቁም ጭረት፣ አምስተኛው በላያቸው አግድም ያልፋል። ጤና ኬላና ጤና ጣቢያዎቻችንም ብዙ አገልግሎታቸውን የሚመዘግቡት እንዲሁ በጭረት ነው፤ የወሩ ድምር ከዚያ ተነስቶ ወደ ላይ ይሄዳል። ስለዚህ ነገሩ የጥቂት ወጣቶች ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አርጆ አካባቢ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ስለ መጠጥ ውሃ ቤት ለቤት ጠይቀው፣ ወረቀቱን በስልክ አንስተው ልከውልኝ ነበር። ለወረዳው የሚያቀርቧት አጭር ሪፖርት አለች፣ ቁጥሩ በመቶኛ እንዲሆን ፈለጉ። ቀበሌውን አልጠራም፣ ቁጥሮቹንም ለማስረዳት እንዲመቹ ለውጫቸዋለሁ። አሠራሩ ግን ያው ነው።

መጀመሪያ ፎቶው። ቴሌግራም ምስልን በተለመደው መንገድ ስትልኩት ይጨምቀዋል፤ ተጠጋግተው የተሰመሩ ጭረቶች ይደበዝዙና አራት ይሁኑ አምስት አይለይም። «በፋይል» መልክ ላኩት። ወረቀቱ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፣ ስልኩ ከላይ ቀጥ ብሎ ያንሳ፣ አራቱም ጠርዞች ይታዩ። የወረቀት እጥፋት አንዳንዴ ጭረት ይመስላል፤ ነገር ግን እጥፋት በአንድ ሳጥን አይቆምም፣ ከላይ እስከ ታች ሁሉንም ያቋርጣል። ከጀርባው ገጽ የዘለቀ ቀለም ደግሞ ፈዛዛ ነው፣ የሳጥኑንም መስመር አያከብርም።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ዋናው የመጠጥ ውሃችሁ ከየት ነው?» የሚል ነበር። ቆጠርኩ፦ ቦኖ 23፣ የጎለበተ ምንጭ 31፣ ያልጎለበተ ምንጭ 14፣ ወንዝ 5። ድምሩ 73 ሆነ። የወረቀቱ ራስጌ ግን «የተጠየቁ ቤቶች 74» ይላል። አንድ ቤት የት ገባ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው 73ን ይዞ ያልፋል፣ «አንድ ቤት ምን ያመጣል» ብሎ። እኔ ግን ወደ ፎቶው ተመልሼ እያንዳንዱን ጥቅል አጉልቼ አየሁ። በጎለበተው ምንጭ ሳጥን ውስጥ አንዱ ጥቅል አምስት ቁም ጭረት ኖሮት በላዩ ደግሞ ማቋረጫ ነበረው፤ ስድስት ነው ማለት ነው። ዓይን የተቋረጠ ጥቅል ሲያይ ሳይቆጥር «አምስት» ይላል። 31ዱ 32 ሲሆን ድምሩ 74 ሆነ። የጎደለው በትክክል አንድ፣ የተገኘውም አንድ ስለሆነ ስድስቱን ተቀበልኩ። ያም ሆኖ የሰመረውን ልጅ ደውሎ መጠየቅ ይሻላል፤ ገና ሳይረሳው ይጠየቅ።

ድምሩ ስለገጠመ ግን ሁሉም ትክክል ነው ማለት አይደለም። የወንዝ ተጠቃሚ በስህተት ቦኖ ውስጥ ቢሰመር ድምሩ ያው 74 ነው። ይህን ድምር አይይዘውም፤ የሚይዘው ጠያቂው በቦታው እያለ ያየው ነው።

አሁን መቶኛው። ቀመሩ ቀላል ነው፣ ኤክሴል ላይ ይህን ጻፉና ወደ ታች ሳቡት፦

```
=B2/B$6*100
```

ቁጥሮቹ ከB2 እስከ B5፣ 74ቱ ደግሞ B6 ላይ ናቸው። የዶላሯ ምልክት ከተረሳች ቀመሩ ወደ ታች ሲሳብ አካፋዩም አብሮ ይወርዳል፣ ባዶ ሳጥን ላይ ያርፋል፣ ስህተት ያወጣል። ውጤቱ ቦኖ 31 በመቶ፣ የጎለበተ ምንጭ 43፣ ያልጎለበተ 19፣ ወንዝ 7 ነው። ከነጥብ በኋላ ያለውን ትቼዋለሁ። ከ74 ቤት አንዱ ብቻውን 1.35 በመቶ ይመዝናልና፣ «43.24 በመቶ» ብሎ መጻፍ ወረቀቱ የሌለውን ጥራት ማስመሰል ነው። ወንዝ የሚጠጡትንም «7 በመቶ» ብቻ ብዬ አልተውኩም፤ «ከ74 ቤት 5ቱ» ብዬ ጻፍኩ። አንባቢው አምስት ቤተሰብ መሆናቸውን ማየት አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ ነው ልቤን የያዘው። «ውሃውን ከመጠጣታችሁ በፊት ምን ታደርጉታላችሁ?» ይላል፣ ከአንድ በላይ መመለስ ይቻላል። ማፍላት 19፣ ውሃ አጋር መጨመር 27፣ በጨርቅ ማጥለል 16፣ ምንም 30። ድምሩ 92 ነው፣ ቤቶቹ ግን 74። እዚህ ድምሩ መብለጡ ስህተት አይደለም፣ አንዳንዱ ቤት ሁለት መልስ ሰጥቷል። ስህተት የሚሆነው ለ92 ማካፈል ነው። ለ92 ካካፈላችሁ ምንም የማያደርጉት 33 በመቶ ይመስላሉ፤ ለ74 ስታካፍሉ ግን 41 በመቶ ናቸው። ወረዳው የሚጠይቀው ስለ ቤቶች እንጂ ስለ ጭረቶች ስላልሆነ አካፋዩ 74 ነው። ከሠንጠረዡ ሥር «ከአንድ በላይ መልስ ስለተፈቀደ ድምሩ ከ100 ይበልጣል» የሚል አንድ መስመር ይግባ።

ወጣቶቹ ረቂቃቸው ላይ «59 በመቶው ውሃውን አክሞ ይጠጣል» ብለው ነበር። ስሌቱ ትክክል ነው፦ ከ74 ላይ 30 ሲቀነስ 44፣ ይህም 59 በመቶ። ሆኖም በጨርቅ ማጥለል ድፍርሱን ያስቀራል እንጂ ጀርሙን አያጠፋም፤ በቤተሰብ ጤና ጥናቶችም በቂ የውሃ ማከሚያ ተብሎ አይቆጠርም። እንግዲህ በጨርቅ ብቻ የሚያጠሉት ስንት ናቸው? ወረቀቱ አይመልስም። ጭረቱ የመልሱን ብዛት ይዟል፣ የማን መልስ እንደሆነ ግን ጥሏል። ጨርቅ ካሉት 16 ቤቶች ስንቶቹ ያፈላሉ፣ ስንቶቹስ ውሃ አጋር ይጨምራሉ፣ አይታወቅም።

ያም ሆኖ ዳርና ዳሩን ማወቅ ይቻላል። 16ቱም ጨርቅ ብቻ የሚጠቀሙ ከሆኑ፣ የሚያፈላ ወይም ውሃ አጋር የሚጨምር ቤት 28 ነው፤ 38 በመቶ። 16ቱም ሌላ ነገር ከጨመሩበት ደግሞ 44ቱም ያክማሉ፤ 59 በመቶ። እውነቱ በ38ና በ59 መካከል አንድ ቦታ ነው። ሪፖርቱ ላይ የገባው ይህ ነው፣ ሁለቱም ቁጥር ከነምክንያቱ። ልጆቹ ደካማ መሰላቸው። እኔ ግን ከአንዱ ደማቅ ቁጥር ይልቅ ይህን ነው የማምነው፤ ውሃ አጋር ለስንት ቤት ይላክ ብሎ የሚወስን ሰው ዝቅተኛውን ማወቅ አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ጥያቄው የተጠየቀው በክረምት ነው። የአርጆ ደጋ በክረምት ምንጩ ይሞላል፤ በየካቲትና መጋቢት ትንንሾቹ ሲሳሱ ሰው ሌላ ቦታ ሊቀዳ ይችላል። የተጠየቁትም ለመንገድ የሚቀርቡ ቤቶች ናቸው። ስለዚህ «የቀበሌው 31 በመቶ ቦኖ ይጠቀማል» አይባልም፤ «በክረምት ከጠየቅናቸው 74 ቤቶች 31 በመቶ» ነው የሚባለው፣ ወሩም ይጻፍ።

ለቀጣዩ ዳሰሳ የምትወጡ እህት ወንድሞች፣ እባካችሁ የጭረቱን ወረቀት ለመደመሪያ አቆዩትና መስክ ላይ አንድ ቤት በአንድ መስመር መዝግቡ፦ የቤቱ ተራ ቁጥር፣ ከዚያ በየመልሱ ሥር አንድ ምልክት። ስም አይጻፍ፣ ቁጥሩ ይበቃል። ለ74 ቤት ሦስት ገጽ ይበቃችኋል።