ቁጥሩ ከፍ ሲል ሽበት አይሸፈንም

ለፋሲካ ዋዜማ እናቴ «ሽበቴን ቀቢልኝ፤ እንግዳ ይመጣል» አለችኝ። ጥቁር ቡናማ ቀለም ቤት ነበረኝ። የጎደለኝ ከቀለሙ ጋር የሚደባለቀው ነጭ ክሬም፣ ዴቨሎፐር የሚባለው ነበር። ሱቅ ስገባ ጠርሙሶቹ ላይ 10፣ 20፣ 30 እና 40 የሚል ቁጥር አየሁ። የእናቴ ሽበት ቀለም ቶሎ አይዝምና ብርቱው ይሻላል ብዬ ባለ 40ውን ገዛሁ።

ከቀባኋት አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «ልጄ፣ አናቴን አቃጠለኝ!» አለች። ሮጬ አጠብኳት። ቆዳዋ ቀልቷል። ሽበቷ እንዳለ ነው፤ በመካከሉ የቀረው ጥቁር ጸጉሯ ግን ሥሩ የዛገ ብረት መስሏል።

ቆዳዋ ከዳነ በኋላ ከልጄ ጋር ሆነን ሰፈራችን ካለው ጸጉር ቤት ወሰድናት። ባለሙያዋ ሰምታኝ ስታበቃ «እትዬ፣ ቁጥሩ የቀለሙን ጉልበት አይናገርም፤ የራሳቸውን ጸጉር ምን ያህል እንደሚያነጣው ነው የሚናገረው» አለችኝ።

ክሬሙ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ባለ 10ው 3 በመቶ፣ ባለ 40ው 12 በመቶ አለው። ባለ 10ው ጸጉሩን ብዙም ሳያነጣ ቀለም ያስገባል፤ ስለዚህ የራስን ቀለም ለማደስ ወይም ለማጥቆር ይበቃል። ባለ 20ው ሽበት ይሸፍናል፤ የራስን ጸጉርም አንድ ሁለት ደረጃ ያነጣል። ባለ 30ው እስከ ሦስት ደረጃ ይሄዳል። ባለ 40ው ከዚያም በላይ ለማንጣት ነው፤ የጭንቅላት ቆዳ እንዲነካም አይፈለግም። የቆዳው ሙቀት ሥራውን ስለሚያፋጥነው ሥሩ ከጫፉ ቀድሞ ይነጣል።

ሽበት ደግሞ የሚነጣ ቀለም የለውም። የሚፈልገው ቀለሙ ገብቶ የሚረጋበት ጊዜ ነው። ባለሙያዋ ቀለሙን ከሁለት ቀን በፊት ከጆሮዋ ጀርባ ሞክራ ነበር። የቀለሙ ማሸጊያ እኩል ለእኩል ስለሚል፣ 60 ግራም ቀለም ከ60 ሚሊ ሊትር ባለ 20 ጋር ደባለቀች። ሽበቱ ከሚበዛበት ከግንባር ጀምራ ቀባች፤ 40 ደቂቃም ጠበቀች። ሽበቱ ተሸፈነ፤ እናቴም አልተቃጠለችም።

ይህን ያየችው ልጄ «እንግዲያው 40ው ለእኔ ነው፤ ቀላ ያለ ቡናማ አድርጊልኝ» አለች። ከሁለት ወር በፊት ግን ጸጉሯን ጥቁር ተቀብታ ነበር። ባለሙያዋ ከማጅራቷ ትንሽ ዘለላ ቆርጣ በባለ 30 ሞከረችላት። አዲስ የበቀለው ጣት የማይሞላ ሥር ነጣ፤ የተቀባው ክፍል ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

«ቀለም ቀለምን አያነሣም» አለቻት። «የተቀባውን የሚያነሣው ብሊች ነው፤ እሱ ደግሞ ጸጉርሽን ያደክመዋል።»

ልጄ ዘለላውን አገላብጣ አየችውና «እንግዲያው ይደግ» ብላ ተነሣች።