ሌሊት ባልደረባ፣ ጠዋት እንግዳ

ቃለ መጠይቅ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚጠፋው ሳቅ ነው። ገልባጩ ይቸኩላል፤ ሳቅ ደግሞ ቃል አይደለም። ለዚህ ነው የጭብጥ ትንተና ድምፁን እየሰሙ ጽሑፉን ደጋግሞ በማንበብ የሚጀመረው።

የሌሊት ተረኛ ነርሶችን ያነጋገረ ጥናት አለ እንበል። አንዷ እንዲህ አለች፦ «በዚያ ሰዓት ሁሉንም አልጋ መዞር አልችልም፤ አስታማሚዎቹን ነው የማየው። አስታማሚ ከተነሳ እኔም እነሳለሁ [ሳቀች]።» ጀማሪ ዳር ላይ «አስታማሚ» ብሎ ጽፎ ያልፋል። ይህ ኮድ ስለ ማን እንደተወራ እንጂ ምን እንደተባለ አይነግረንም። «በአስታማሚ ዓይን በሽተኛን መከታተል» ቢባል ግን ጽሑፉ አጠገባችን ባይኖርም ይገባናል። ሳቁም ለብቻው ኮድ ይገባዋል፦ «መመሪያ የማይፈቅደውን በሳቅ ማለፍ»።

ኮዶቹ ሲበዙ ወደ ጭብጥ ማሰባሰብ ይመጣል፤ ብዙ ጥናት የሚሰናከለውም እዚህ ነው። ይህን የትንተና መንገድ በ2006 እ.ኤ.አ. በስድስት ምዕራፍ ያስቀመጡት ቨርጂኒያ ብራውንና ቪክቶሪያ ክላርክ፣ የቃለ መጠይቁን ጥያቄዎች ጭብጥ አድርጎ ማቅረብ ትንተና እንዳልሆነ አስጠንቅቀዋል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ «የነርሶች ተግዳሮቶች» የሚለውን ርዕስ ማንንም ሳናነጋግር ልንጽፈው እንችል ነበር።

በነርሶቹ ምሳሌ ግን ሁለት የሚጣሉ ኮዶች አሉ። ሌሊት አስታማሚን የምታምነው ነርስ፣ ጠዋት የሐኪሞች ራውንድ ሲጀመር «ውጡ!» ብላ ታስወጣዋለች። «ማመን»ን በአንድ ወገን፣ «መቆጣት»ን በሌላ ወገን ብናስቀምጥ የተለያየ ጠባይ ያላቸው ነርሶች ይመስላሉ። አንድ ላይ ሲነበቡ ግን ነገሩ ይወጣል፦ ነርሷ የምትደገፍበት እርዳታ በሥራው ሥርዓት ውስጥ ስም የለውም። የጭብጡ ስም «ሌሊት ባልደረባ፣ ጠዋት እንግዳ» ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ፈተናው ይከተላል። መጀመሪያ ጭብጡ ከሥሩ ከተሰበሰቡት ጥቅሶች ጋር ይመሳከራል፤ ቀጥሎ ሁሉም ቃለ መጠይቅ እንደገና ይነበባል። አስታማሚ ውጭ ከሚቀመጥበት የጽኑ ሕሙማን ክፍል የመጣች ነርስ ብትኖር፣ ጭብጡ እሷ ዘንድ አይሠራም። ድምጿን መተው አይቻልም፤ በግድ ማስገባትም ያው ነው። ጭብጡ የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ነገር መሆኑ ተጠቅሶ ወሰኑ ይጻፋል።

በመጨረሻ ገምጋሚው «ስንት ነርሶች እንዲህ አሉ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በዚህ ዘዴ ብዛት ብቻውን ጭብጥን አያቆምም። ሁሉም ነርሶች ስለ ደመወዝ አንስተው ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄያችን የሌሊቱ ክትትል እንዴት እንደሚሠራ ከሆነ ግን፣ ጥቂቶች ብቻ የተናገሩት የአስታማሚው ነገር የበለጠ መልስ አለው።