ነጭ ወይስ ክሬም?

የቡና ገንዘብ እጅ ሲገባ ጅማ ላይ ሠርግ ይበዛል፤ ልብስ ሰፊም እንቅልፍ ያጣል። ከአጋሮ የመጣችው ሙሽራ ነጭና ክሬም ጨርቅ እንዳቀፈች ላብ አጥምቋታል። «ጋሼ፣ ክሬሙ ያምራል፤ ግን ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውን ተዪውና ወደ ደጅ ነይ፣ የኔ ልጅ።»

የሱቅ መብራት ሸዋጅ ነው፤ ውስጥ ሳሉ ሁለቱ ጨርቆች መንትያ ይመስሉ ነበር። ደጅ ላይ ልብስ ሰፊው ነጩን ከአገጯ ሥር ሲይዙት ፊቷ ገረጣ፤ ክሬሙ ግን አፈካት። ደስ ሊላት ሲል ነጭ ዓይነ ርግብ ክሬሙ ላይ ጣል አደረጉበት። አዲሱ ጨርቅ ወዲያው ከሳጥን የወጣ አሮጌ መሰለ። ልጅቷ ልታለቅስ ደረሰች።

«ቀለሙ ምን አጠፋ? ያጋጨው ጎረቤቱ ነው» አሉና ክሬም ዓይነ ርግብ መዘዙ። «በይ ክንድሽን ዘርጊ፣ ልለካሽ፤ ሌላ ሙሽራ ቆማለች።»