የተሳሳተው መልስ ምርጫው ውስጥ ለምን ተቀመጠ?

የልጅ ልጄ እዚሁ ቆቦ የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ናት። ኬሚስትሪ አታንሳት አይባልም፤ ቀመሩን ታውቃለች፣ ሒሳቡንም ትሠራለች። ሆኖም በልምምድ ፈተናዎች ላይ ነጥቧ ከእውቀቷ ያንሳል። ባለፈው ሰሞን የታረመ ወረቀቷን ይዛ መጣችና «እማማ፣ ያገኘሁት ቁጥር እኮ ምርጫው ውስጥ አለ! እንዴት ስህተት ይሆናል?» አለችኝ።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፈተና የሚያወጣ መምህር የተሳሳቱትን ምርጫዎች እንዲሁ አይጽፋቸውም። ተማሪው የት ላይ እንደሚቸኩል ያውቃልና፣ ሲቸኩል የሚያገኘውን ቁጥር ቀድሞ ያስቀምጥለታል። ስለዚህ ያገኙት ቁጥር ምርጫው ውስጥ መኖሩ ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ጥያቄው ይህ ነበር፦ 9 ግራም ግሉኮስ በውሃ ሟሙቶ መጠኑ 250 ሚሊ ሊትር የሆነ ውህድ ተሠራ፤ የግሉኮስ አንድ ሞል 180 ግራም ከሆነ፣ የውህዱ ሞላሪቲ ስንት ነው? ምርጫዎቹ ሀ) 0.0002፣ ለ) 0.05፣ ሐ) 0.2፣ መ) 36 ናቸው። ሞላሪቲ ማለት በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ሞል እንዳለ ማለት ነው።

እሷ የመረጠችው «ለ»ን ነው። 9ን ለ180 አካፍላ 0.05 አገኘች። ስሌቱ ልክ ነው፤ ግን የተገኘው ሞል እንጂ ሞላሪቲ አይደለም። መንገዱ ገና እኩሌታ ላይ ነው። «ሀ» ደግሞ 0.05ን ለ250 ያካፈለ ሰው የሚያገኘው ነው፤ ሚሊ ሊትሩን ወደ ሊትር ሳይቀይር። «መ»ን የሚያገኘው ሞሉን ጭራሽ ትቶ 9 ግራሙን ለ0.25 ሊትር ያካፈለ ነው። ትክክለኛው 0.05 ለ0.25 ሲካፈል የሚገኘው 0.2 ነው፤ «ሐ»።

መለኪያ አለመዝለል ለእኔ የቆየ የሥራ ልማድ ነው። በነርስነት ዘመኔ መድኃኒት ከመሳቤ በፊት ብልቃጡ ላይ ያለው ሚሊ ግራም በስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ ሳላነብ እጄን አላነሳም ነበር። እሷንም ከቁጥሩ ጎን መለኪያውን እንድትጽፍ አደረግኋት፦ ግራም ለ«ግራም በሞል» ሲካፈል ሞል ይቀራል። የተጠየቀው ግን «ሞል በሊትር» ነው። መለኪያው ራሱ ገና አልጨረስሽም ይላታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ማጣሪያ ደግሞ እርሳስ እንኳ አይፈልግም። 9 ግራሙ ያለው በሩብ ሊትር ነው፤ በሙሉ ሊትር ቢታሰብ አራት እጥፍ ይሆናል። እንግዲያው መልሱ ከ0.05 መብለጥ አለበት፤ «ሀ» እና «ለ» ወደቁ። «መ»ስ? 36 ሞል ማለት 36 ጊዜ 180 ግራም፣ ማለትም ስድስት ኪሎ ተኩል ገደማ ስኳር በአንድ ሊትር ውስጥ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ራሱ አንድ ኪሎ ነው የሚመዝነው። ይህን ስነግራት ሳቀች፤ «ሻይ ሳይሆን ድንጋይ ነው የሚሆነው» አለች።

ሌላው ወጥመድ ሙቀት ነው። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ጋዝ ከ27 ወደ 54 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ግፊቱ ምን ይሆናል ሲባል፣ «እጥፍ ይሆናል» የሚለው ምርጫ ዓይን ይስባል፤ 54 የ27 እጥፍ ነውና። ግን የጋዝ ሒሳብ የሚሠራው 273 ተደምሮበት በኬልቪን ነው፦ 300 እና 327። ግፊቱ የሚጨምረው 9 በመቶ ብቻ ነው። ለራያ ቆላ ልጅ ማስረጃው ደጅ ቆሟል። ማለዳ 18 ዲግሪ የነበረ ቀን ከሰዓት በኋላ 36 ቢደርስ የጎማው ግፊት እጥፍ የሚሆን ቢሆን ኖሮ፣ የቆቦ ባጃጅ ሁሉ በየቀኑ ጎማው ይፈነዳ ነበር።

ወላጆች ኬሚስትሪ ባታውቁም ልጁን «የተሳሳቱት ሦስቱ ከየት መጡ?» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። እኛ ቤት አሁን የታረመ ወረቀት ሲመጣ የምንሠራው ይህንኑ ነው። በአንድ ምሽት ከአምስት ጥያቄ በላይ አንሄድም። ፈተናው ላይ ግን ሦስቱንም መመርመር ጊዜ ይበላል፤ እዚያ የሚበቃው መለኪያውን ማየትና መልሱ በዓይነ ኅሊና ይሆናል ወይ ማለት ነው።

ይህ ማጣሪያ የማይሠራበትም ቦታ አለ። ምርጫዎቹ 0.20 እና 0.22 ሆነው ሲቀራረቡ ግምት አይለያቸውም፤ ቁጭ ብሎ ማስላት ነው። «ትክክል ያልሆነው የቱ ነው?» የሚል ጥያቄም ሌላ ጣጣ አለው፤ እውነት የሆነ ዐረፍተ ነገር ሲያዩ እጅ ቶሎ ይሄዳል። ለእሱ «ያልሆነው» የምትለዋን ቃል እንድትከብባት ነግሬያታለሁ።