አራተኛው ገጽ ላይ የቀሩት፦ የበይነ መረብ መጠይቅን ከማሰራጨት በፊት ስለ መሞከር

በብዙ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች የመጠይቅ መግቢያ ላይ «ከ10 ደቂቃ በላይ አይወስድብዎትም» የሚል ዐረፍተ ነገር ይገኛል። ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ ቢጠየቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ አጥኚው ራሱና ሁለት ሦስት የክፍል ጓደኞቹ ሞልተው ያገኙት ነው። ጓደኛ ግን እንደ ማንኛውም መላሽ አይደለም። የጥናቱን ጽንሰ ሐሳቦች አስቀድሞ ያውቃል፤ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ይሞላል፤ ቢሰለቸው እንኳ ይሉኝታ ይዞት እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ስለዚህ ከእርሱ የሚገኘው ጊዜ ከእውነተኛው ያጠረ ይሆናል፤ ማቋረጥ የሚባል ነገርም በእርሱ ዘንድ አይታይም።

የሚነገረው ጊዜ ደግሞ ራሱ በመላሹ ላይ ውጤት አለው። ክሮፎርድ፣ ኩፐርና ላሚያስ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ እንደሚወስድ የተነገራቸው ሰዎች 20 ደቂቃ ከተባሉት ይልቅ በብዛት መሙላት ጀምረዋል፤ ከጀመሩ በኋላ በብዛት ያቋረጡትም ግን እነርሱ ናቸው። አጭር ቁጥር በር ላይ ያስገኘውን ትርፍ መንገድ ላይ ይመልሰዋል ማለት ነው።

ትክክለኛውን ግምት ለማግኘት መጀመሪያ የሚታየው መሣሪያው ነው። በጉግል ፎርምስ የተዘጋጀ መጠይቅ የሚመዘግበው መልሱ የተላከበትን ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ መቼ እንደ ተጀመረ አይታወቅም፤ ያቋረጠ ሰውም ለአጥኚው አንዳች ዱካ አይተውም። ላይምሰርቬይ በአንጻሩ መላሹ ወደ ቀጣዩ ገጽ ባለፈ ቁጥር ያስቀምጣል። Date stamp እና Save timings የተባሉት ምርጫዎች ከበሩ የመነሻውን ጊዜ (startdate)፣ የመጨረሻውን ገጽ (lastpage) እና በየገጹ የፈጀውን ሰከንድ ያቆያል። ሁለቱን ምርጫዎች መጠይቁ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ መቀየር አይቻልም፤ ስለዚህ አስቀድሞ ማየት ግድ ነው። ጥያቄዎቹ ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ከተደረደሩ ደግሞ በየገጹ የሚያስቀምጥ መሣሪያ የመቋረጫውን ቦታ ሊያሳይ አይችልም። አንድ ጥንቃቄ ይጨመር፦ የመጨረሻው ገጽ ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ተሞልቶ የታለፈው ገጽ ነው ወይስ ተከፍቶ ሳይሞላ የቀረው? አጥኚው ራሱ ሆን ብሎ አራተኛው ገጽ ላይ አቋርጦ የተመዘገበውን ቁጥር ማየት አለበት። ይህ ካልተደረገ ጥፋቱ በአንድ ገጽ ተዛንፎ ንጹሑ ገጽ ይወቀሳል።

ነገሩን ለማስረዳት አንድ አብነት እንውሰድ፤ ቁጥሮቹም ለማስረጃ ያህል የተቀመጡ ናቸው። አንዲት የዶክትሬት ዕጩ ስለ ማማከር ልምድ ሰባት ገጽ ያለው የአማርኛ መጠይቅ አዘጋጀች። ለሙከራው የተጋበዙት የዋናው ጥናት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ማስፈንጠሪያውም ዋናው በሚላክበት መንገድ፣ በቴሌግራም፣ ያለ ልዩ ልመና ተላከላቸው። በሁለተኛው ገጽ ላይ «አሁን የሚሞሉት በስልክ ነው ወይስ በኮምፒውተር?» የሚል ጥያቄ ተጨምሯል። የመጀመሪያው ገጽ የስምምነት ገጽ ስለሆነ ከስሌቱ ውጭ ተደርጓል፤ እዚያ የተመለሰ ሰው ጥናቱን እምቢ አለ እንጂ በመጠይቁ ደክሞ አላቋረጠምና።

ተስማምተው ወደ ሁለተኛው ገጽ የገቡት 52 ሲሆኑ፣ የጨረሱት 36 ናቸው። 16ቱ የቀሩበት ቦታ ግን እኩል አልተሰራጨም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ገጽ አንድ አንድ ሰው ወጣ፤ አራተኛውን ካዩት 50 ሰዎች 10 እዚያው ቀሩ፤ በአምስተኛው አንድ፤ ሁለት የጽሑፍ ጥያቄዎች ያሉበትን ስድስተኛውን ገጽ ካዩት 39 ሦስት ወጡ፤ በመጨረሻው ማንም አልወጣም። መጠኑ የሚሰላው ገጹን ከደረሱት እንጂ ከጀመሩት ሁሉ አይደለም። ያለዚያ በኋለኞቹ ገጾች ላይ ያለው ችግር፣ የሚደርስባቸው ሰው ስለሚያንስ ብቻ፣ ቀላል መስሎ ይታያል። በዚህ ስሌት አራተኛው ገጽ 20 በመቶ፣ ስድስተኛው 8 በመቶ ገደማ ያስወጣል።

አራተኛው ገጽ ላይ ያለው 14 ዐረፍተ ነገሮችና አምስት የምርጫ ዓምዶች ያሉት ሠንጠረዥ ነው። ካቋረጡት ዐሥር ሰዎች ዘጠኙ በስልክ የሚሞሉ ሆነው ተገኙ። ሠንጠረዡ በስልክ ሲከፈት «በጣም እስማማለሁ» የሚለው ዓምድ ከስክሪኑ ውጭ ይቀራል፤ ለማየት በጣት ወደ ጎን መሳብ ያስፈልጋል። የቀሩትን ብቻ ሳይሆን የጨረሱትንም መመርመር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በስልክ ከጨረሱት መካከል ያንን ዓምድ የመረጠ እምብዛም የለም፤ በኮምፒውተር የሞሉት ግን ደጋግመው መርጠውታል። ችግሩ መላሾችን ማሳጣቱ ብቻ አይደለም፤ የቀሩትንም መልስ አዛብቷል፤ ይህኛው ደግሞ በዋናው መረጃ ውስጥ ማንም ሳያየው ያልፍ ነበር።

ወደ ጊዜው እንመለስ። የጨረሱት 36 ሰዎች አማካይ 42 ደቂቃ ገደማ ወጣ። ይህ ቁጥር ማንንም አይወክልም፤ ሁለት ሰዎች ገጹን ከፍተው ትተውት ከስምንትና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ተመልሰው ጨርሰዋልና። ጊዜዎቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሮ መሐል ላይ የሚውለውን፣ ማለትም ሚዲያኑን፣ መውሰድ ይህን ጉዳት ያስቀራል፤ እርሱም 13 ደቂቃ ሆነ። ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ነገር ግን 13 ደቂቃ የጽኑዎቹ ጊዜ ነው። የጨረሱት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ገጽ በሦስት ደቂቃ ሲያልፉ፣ አራተኛው ላይ ያቋረጡት ለእነዚያው ገጾች አምስት ደቂቃ ፈጅተዋል። በዚያው ፍጥነት ቢቀጥሉ ኖሮ 22 ደቂቃ ገደማ ያስፈልጋቸው ነበር። በካፕላን-ማየር ስሌት ያቋረጡትን ጭምር አካትቶ ጊዜውን መገመት ይቻላል የሚል ሰው አይጠፋም፤ ሆኖም ያ ስሌት የሚሠራው የወጡት በፍጥነታቸው ከቀሩት የማይለዩ ከሆነ ነው። እዚህ ግን ቀድመው የወጡት ቀርፋፎቹ መሆናቸው ታይቷል። ስለዚህ የሁለቱን ቡድኖች የመጀመሪያ ገጾች ጊዜ ጎን ለጎን ማስቀመጥ፣ ሻካራ ቢሆንም፣ ይበልጥ ሐቀኛ ነው። ከዚህ በመነሣት በመግቢያው ላይ ሊጻፍ የሚገባው «ከ13 እስከ 22 ደቂቃ» የሚል ነው።

ዕጩዋ ሠንጠረዡን አፈረሰችው። ዐሥራ አራቱ ዐረፍተ ነገሮች ሰባት ሰባት ሆነው በሁለት ገጽ ተከፈሉ፤ ምርጫዎቹም ከእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ሥር ወደ ታች ተደረደሩ። አዲሱ ቅጽ የመጀመሪያውን ላላዩ ሰዎች ተላከ፤ አራተኛውን ገጽ ካዩት 34 ሰዎች ሦስት ወጡ። ከ20 ወደ 9 በመቶ መውረዱ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ቁጥር የ95 በመቶ የመተማመኛ ወሰን ከ11 እስከ 33 በመቶ፣ የሁለተኛው ከ3 እስከ 23 በመቶ ነው። ሁለቱ ወሰኖች ይደራረባሉ፤ በዚህ ያህል ሰው ማሻሻያው ተረጋግጧል ማለት አይቻልም። በሌላ በኩል «በጣም እስማማለሁ» የሚለው ምርጫ አሁን በስልክም በኮምፒውተርም በተቀራራቢ መጠን ተመርጧል፤ ለለውጡ የሚሻለው ማስረጃም ይኸኛው ነው። የወጡት ሰዎች ወደ ተጨመረው ገጽ ተሻግረው እንዳልሆነ ለማወቅ የሁለቱ ገጾች ድምር ታየ፤ በአዲሱ ገጽ ላይ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

መግቢያው አዲሱ ጊዜ ተጽፎበት መጠይቁ ተሰራጨ። የሁለቱ ሙከራዎች መልሶች ከዋናው መረጃ ጋር አልተደባለቁም፤ የመጀመሪያዎቹ 100 መላሾች እስኪገቡም የአራተኛው ገጽ መዝገብ በየማታው እየተከፈተ ታየ።