«ፍቅር እስከ መቃብር» በ10 ደቂቃ

እዚህ አቃቂ ቃሊቲ በማስተምርበት ክፍል ሰሞኑን መጽሐፍ አንብቦ ለጓደኞች የማቅረብ ሥራ ላይ ነን። ለአንዷ ተማሪዬ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደረሳት። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ እሷ ያላት ጊዜ ደግሞ 10 ደቂቃ። በክፍሉ የሚዞረው መጽሐፍ አንድ ብቻ ስለሆነ አብዛኞቹ ጓደኞቿ ታሪኩን የሚያውቁት እሷ በነገረቻቸው ልክ ነው። እሷ የተወችው ነገር ለእነሱ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

መጀመሪያ ያመጣችውን ጽሑፍ ሰዓት ይዘን ጮክ ብላ አነበበችው። 10 ደቂቃው ሲያልቅ በዛብህ ገና ፊታውራሪ መሸሻ ቤት አልገባም። ስለ ቦጋለ መብራቱና ስለ ውድነሽ በጣሙ ግን ምንም የቀረ ነገር የለም። «ቲቸር፣ ምኑን ልቁረጥ? ሁሉም እኮ ያስፈልጋል» አለችኝ።

ይሄ የብዙ ተማሪ ችግር ነው። መጽሐፉን ከፊት ጀምረን እየተከተልን ስናሳጥር መጀመሪያው ይወፍራል፣ መጨረሻው ይሮጣል። ምልክቱ «ከዚያ» የምትለዋ ቃል ናት። እርሳስ አንስታ «ከዚያ» ያለችበትን ሁሉ እንድታከብብ ነገርኳት። ቀጥሎ እያንዳንዱን «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» በሚል ለመተካት ሞከርን። አልተካ ያለው ቦታ ላይ ያለው ድርጊት ቀጣዩን አያመጣም ማለት ነው፤ ስለዚህ ሊወጣ ይችላል። የቦጋለና የውድነሽ ትዳር እንዴት እንደተጀመረ የሚተርከው ገጽ በዚህ መንገድ ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር ወረደ።

የተረፈው ሰንሰለት ይሄ ነው። ወላጆቹ በዛብህን በስለት ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተውታል፤ ስለዚህ ማግባት አይችልም። ነገር ግን ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ፊታውራሪ ቤት ይገባና ይዋደዳሉ። ፊታውራሪ ደግሞ ለልጃቸው በዘር የሚመጥን ባል አጣን እያሉ ጠያቂውን ሁሉ መልሰዋል። ስለዚህ ፍቅሩ ሲታወቅ በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል፣ እሷም መነኩሴ መስላ ትከተለዋለች። ነገር ግን የምታገኘው ሊሞት ሲል ነው።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ላላነበበች ጓደኛዋ ነገረቻት። ስትጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅናት፦ ለምን አልተጋቡም? «አባቷ ደሃ ነው ብሎ እምቢ ስላለ» አለች። ስለቱ ጠፍቷል! ጽሑፉ ውስጥ አለ እኮ፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ መጀመሪያ ላይ፣ ከሌላ ነገር ጋር ተደባልቆ ነው የተነገረው። ስለቱ ከወጣ ደግሞ ታሪኩ የሀብታምና የደሃ ፍቅር ሆኖ ይቀራል። ሐዲስ ያቆሙት ግን ሁለት ግድግዳ ነው፦ ከእሷ ወገን የአባት የዘር ኩራት፣ ከእሱ ወገን ደግሞ ልጃቸውን ከሚወዱ ወላጆች የመጣ ቃል ኪዳን። በዛብህ የሚፈራው ፊታውራሪን ብቻ አይደለም። ስለዚህ ስለቱን ሁለት ቦታ አስገባችው፤ መጀመሪያ ላይ፣ እንደገና ደግሞ ፍቅሩ ሲጀመር።

በአበጀ በለው የሚመራው የገበሬዎች ዓመፅ ላይ ተከራከርን። እሷ የፍቅሩ ታሪክ ያለ እሱም ይሄዳል ብላ ልታወጣው ነበር። እውነት ነው፣ ይሄዳል። ግን ሲወጣ ፊታውራሪ ክፉ አባት ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ገበሬው ማርኮ ሲይዛቸው ነው የዘር ኩራቱ የቆመበት መሬት ሲነቃነቅ የሚታየው፤ የጉዱ ካሳ ንግግርም የሚገባው ያኔ ነው። በሁለት ዓረፍተ ነገር እንዲቆይ ተስማማን።

ጉዱ ካሳን ካነሳን፣ «ሐዲስ እንዲህ ይላሉ» ብላ የጻፈችው ግማሹ የጉዱ ካሳ ቃል ነበር። ስናሳጥር ተናጋሪው ቶሎ ይጠፋል። ደራሲው የገጸ ባሕርዩን ሐሳብ ሊደግፍ ይችላል፤ አድማጩ ግን ማን እንዳለው የማወቅ መብት አለው። «ጉዱ ካሳ እንዳለው» ብሎ ማስተካከል ሦስት ቃል ብቻ ነው የሚፈጀው።

ስሞቹንም ቀነስን። አድማጭ ወደ ኋላ ገልጦ አያይም፤ ስለዚህ አምስት ስም ብቻ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች፦ በዛብህ፣ ሰብለ፣ ፊታውራሪ፣ ጉዱ ካሳ፣ አበጀ። ሌላው ሁሉ «እናቱ»፣ «አባቱ» እየተባለ ያልፋል።

አሁን ዘጠኝ ደቂቃ ላይ ደርሳለች። የቀረችውን አንድ ደቂቃ ለማጠቃለያ አልተጠቀመችባትም፤ ከመጽሐፉ አንድ አንቀጽ ታነብባለች። ታሪኩ ሊያጥር ይችላል፣ የሐዲስ አማርኛ ግን በሌላ ሰው ቃል አይነገርም።

መጽሐፉን ያነበባችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ እስቲ ንገሩኝ፦ የገበሬዎቹን ዓመፅ እናንተ ብትሆኑ ታስቀሩት ነበር?