እማዬ ቤት ያለው እምቢተኛ ኤልቦ

የእማዬ ወጥ ቤት ቧንቧ ውኃ መስጠት ሲሰስት መጀመሪያ ያማነው ፈረቃውን ነበር። በሠፈሩ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው የሚመጣው። አንድ ሌሊት ግን እዚያው አድሬ ነበርና ሁለቱንም ቧንቧ ከፍቼ አየሁ። ግቢ ውስጥ ያለው ባልዲውን በደቂቃ ሲሞላ የወጥ ቤቱ ክር አክሎ ይንጠባጠባል። ውኃው እስከ ግቢ ድረስ በደንብ እየደረሰ ነው ማለት ነው። የሚታነቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ከግቢው እስከ ወጥ ቤቱ ያለው የድሮ የብረት ቧንቧ ነው። ከመሬት ቀጥ ብሎ ይወጣና በግማሽ ኢንች ኤልቦ ታጥፎ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። ኤልቦው በዝገት አብጦ ቅርጹ ጠፍቷል። የጠራነው ሠራተኛ አንዴ አየት አድርጎ «ግድግዳው ይፈረስና ሁሉም ይቀየር» አለን። ችግሩ፣ ከግድግዳው ጀርባ እማዬ በእቁብ ብሯ ያስለጠፈችው ሴራሚክ አለ። ሁለት ዓመት ጠብቃ ነው ያስለጠፈችው። «ሴራሚኬን የሚነካ እጁን ይሰብስብ» ብላ ጉዳዩን ዘጋችው።

ጎረቤታችን ጋሼ ዕድሜውን በሙሉ ቧንቧ ሲገጥም የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ትከሻው አልታዘዝ ብሎት አቁሟል። ኤልቦውን በጣቱ መታ መታ አደረገና «ይወጣል። ግን ጉልበት የምታወጪው አንቺ ነሽ፣ እኔ አፍ ብቻ ነኝ» አለኝ። ቢሮ ውዬ የምገባ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ፤ ከዚያ ቀን በፊት የፈታሁት ትልቁ ነገር የልጄ አልጋ ብሎን ነው።

እንዲህ ዓይነት ቧንቧ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንኩ ራሱ እየተበላ ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል። ጥርሱ የሚወጣው ግን ከተለበጠ በኋላ ስለሆነ እዚያ ላይ ዚንኩ ተልጦ ይሄዳል። ስለዚህ ቧንቧው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚዝገው መጋጠሚያው ላይ ነው። ዝገት ደግሞ ከተገኘበት ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ጥርስና ጥርስ መካከል ገብቶ እንደ ሽብልቅ ይወጥረዋል።

ዓርብ ማታ መጋጠሚያው ላይ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ረጭተን አሳደርነው። ቅዳሜ ጠዋት ውኃውን ከቆጣሪው ዘጋንና ከመሬት የሚወጣውን ቧንቧ ከኤልቦው በታች አራት ጣት ያህል ትተን በብረት መጋዝ ቆረጥነው። ከሁለት በኩል የታሰረ ኤልቦ መዞሪያ የለውምና።

ከዚያ ጋሼ የጥፍር ቀለም አምጪ አለኝ። ከኤልቦው ወደ ቧንቧው የሚሻገር አንድ ቀይ መስመር፣ ከቧንቧው ወደ ግድግዳው የሚሻገር ሌላ መስመር አሰመረኝ። የመጀመሪያው ከተሰበረ ኤልቦው እየተፈታ ነው። ሁለተኛው ከተሰበረ ግን ግድግዳው ውስጥ ያለው ቧንቧ እየዞረ ነው፤ እዚያ ውስጥ የተደበቀ መጋጠሚያ ሊላቀቅ ወይም የሳሳ ጥርስ ሊቆረጥ ይችላል። ይህ ሲሆን ምንም ድምፅ ላይሰማ ይችላል። የምታውቁት ሴራሚኩ ጀርባ ሲርስ ነው።

ሁለት የቧንቧ መፍቻ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። አንዱ ኤልቦውን ያዞራል፣ ሌላው ከግድግዳው የወጣችውን ትንሽ ቧንቧ ይዞ እንዳትዞር ያደርጋል። የቧንቧ መፍቻ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚነክሰው፤ ወደ አፉ ክፍት በኩል ሲገፋ ይጠብቃል፣ ወደ ኋላ ሲገፋ ይንሸራተታል። ስለዚህ የሁለቱ አፍ ተቃራኒ መሆን አለበት። ሁለቱም በተቻለ መጠን መጋጠሚያው አጠገብ ይገባሉ፤ እጀታዎቹም እንደ መቀስ ትንሽ ብቻ ተከፍተው ይቀመጣሉ። የኤልቦው እጀታ ከታች፣ የቧንቧው ከላይ ሆኖ ሁለቱን አንድ ላይ ስትጨምቁ አንዱ ኃይል ሌላውን ያጠፋዋል፤ ግድግዳው ምንም አይሰማውም።

እኔ ያዡን ገልብጬ አስገብቼው ኖሯል። ገፋ ሳደርግ ተንሸራተተና ጉልበቱ በሙሉ ወደ ግድግዳው ሄደ። ጋሼ «ልቀቂ!» ብሎ ጮኸ። የግድግዳው መስመር የፀጉር ስፋት ያህል ተዛንፏል። እማዬ ከኋላችን ቆማ ምንም አላለችም፤ ዝምታዋ ግን ከቁጣ ይብሳል። መፍቻውን አገላብጠን፣ አፉን ከቧንቧው ጋር አስተካክለን ደግመን ሞከርን። አሁን ያዡ ጸና፤ ኤልቦው ግን ንቅንቅ አላለም።

«እሳት ይፈልጋል» አለ ጋሼ።

ግድግዳው ከላይ ሲሚንቶ ይምሰል እንጂ ውስጡ እንጨትና ጭድ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ላይ እርጥብ ጆንያ፣ በእሱ ላይ ቁራጭ ቆርቆሮ አደረግንና አንድ ባልዲ ውኃ አጠገባችን አኖርን። የረጨነውን ዘይት በደንብ ጠረግን፣ ይቀጣጠላልና። የወጥ ቤቱን ቧንቧም ከፍተን ተውነው። ውስጡ የቀረ ውኃ ካለ ሙቀቱን ይሰርቃል፤ መውጫ ካጣ ደግሞ እንፋሎት ሆኖ ይገፋል።

እሳቱ በትንሽ የጋዝ ጣሳ ላይ የሚገጠም መለብለቢያ ነው። የሚሞቀው ኤልቦው እንጂ ቧንቧው አይደለም። ውጪኛው ቀድሞ ሲሞቅ ከውስጠኛው በልጦ ይሰፋል፤ ዝገቱ ይሰነጠቃል፣ ጥርሱ ላይ የተጠመጠመው የድሮ ቃጫም ይቃጠላል። ነበልባሉን አንድ ቦታ ሳላቆም ዙሪያውን ለሁለት ደቂቃ ያህል አዞርኩት። ጠብታ ውኃ ጣል ሲደረግበት ጭስ ብሎ ወዲያው ሲጠፋ በቂ ነው። ብረቱ እስኪቀላ አይደረስም። ነጭ ጭስ ከታየ ዚንኩ እየነደደ ነውና እሳቱን አርቆ ገለል ማለት ያስፈልጋል፤ ያንን ጭስ የተነፈሰ ሰው ማታውን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሊለው ይችላል። ዝግ ክፍል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ጋሼ ራሱ እሳት አያስነካኝም ነበር።

ወፍራም ጓንት አድርጌ ሳይበርድ ጨመቅሁ። አልሆነም። እንዲቀዘቅዝ ትተን ሻይ ጠጣን፤ መስፋትና መኮማተሩም ራሱ ዝገቱን ያላላዋል። ሁለተኛውም ዙር እምቢ አለ። በሦስተኛው ጋሼ «አሁን መጀመሪያ ትንሽ አጥብቂው» አለኝ። ግራ ገብቶኝ የሁለቱንም መፍቻ አፍ ገለበጥኩና ለማጥበቅ ገፋሁ። «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ደንግጬ መፍቻውን ልጥል ነበር። ወደ ግድግዳው መስመር አየሁ፤ በቦታው ነው። መልሼ ወደ መፍታቱ ስዞር የኤልቦው መስመር ቀስ ብሎ ለሁለት ተከፈለ።

የወጣውን ኤልቦ ወደ ብርሃን ይዤ አየሁበት። እርሳስ እንኳ የማያሳልፍ ቀዳዳ ነው የቀረው፤ ሌላው በሙሉ ቡናማ የዝገት ጉብታ ነው። እማዬ ተቀብላ አገላበጠችውና «ይኼንን ነው ስንጠጣ የኖርነው?» አለች።

ከግድግዳው የወጣውን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ጠርገን መረመርነው። ጥርሱ ያለበት ቦታ የቧንቧው ቀጭኑ ክፍል ነው፤ ተበልቶ ወይም ተሸርፎ ቢሆን ኖሮ አዲሱ ኤልቦ ውኃ አይዝም፣ ግድግዳውም መፍረሱ አይቀርም ነበር። ሁለት ጥርስ ጫፉ ላይ ተሸርፏል፤ የቀረው ደህና ነው። ቴፍሎን በሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠምጥመን አዲሱን ኤልቦ በሁለት መፍቻ አሰርነው። ወደ መሬት የሚወርደውንም በአዲስ ቧንቧ ተካነው፤ ከሁለት በኩል ታስሮ መዞር ስለማይችል መሃሉ ላይ ዩኒየን አስገባን።

ግድግዳው ውስጥ ያለው ቧንቧ ያው አሮጌው ነው። ጋሼ «እሱም ቀኑን ይጠብቃል» ብሏል፣ እማዬ ግን እንዳልሰማች ሆናለች።

ውኃው እሑድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ባትሪ ይዤ በየመጋጠሚያው ደረቅ ሶፍት አስነካሁ፤ አልረጠበም። ወጥ ቤት ስገባ እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ ቀድማኝ ቆማለች። መጀመሪያ አየር፣ ከዚያ ቀይ ውኃ፣ ከዚያ ንጹሕ ውኃ መጣ። ባልዲው ሞልቶ ሲፈስ አልዘጋችውም፤ ሴራሚኩን በመዳፏ እየዳበሰች መድረቁን ታረጋግጥ ነበር።